ለኦዲተር የምንልከው ሸኚ ደብዳቤ፦ የጎደሉትን የክፍያ ሰነዶች እንዴት ልጻፋቸው?

ማህደር_23

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ አነስተኛ ድርጅት ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። የውጭ ኦዲተራችን የጥቅምት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ የክፍያ ሰነዶች በሙሉ በሸኚ ደብዳቤ እንዲላኩለት ጠይቋል። ሰነዶቹን ሰብስቤአለሁ። ያስቸገረኝ ደብዳቤው ነው፤ ምክንያቱም የጎደሉ ነገሮች አሉ። የሚፈርመው ሥራ አስኪያጁ ነው፤ የማረቅቀው ግን እኔ ነኝ። ሐሙስ መውጣት አለበት።

እስካሁን የጻፍኩት ይሄ ነው፦

«ለኦዲት ሥራው ይረዳ ዘንድ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉ 87 የክፍያ ማዘዣዎችን ከተሟላ ደጋፊ ሰነዶቻቸው ጋር አያይዘን የላክን መሆኑን እየገለጽን፣ በአንዳንድ ማዘዣዎች ላይ በተለያዩ ምክንያቶች መጠነኛ ጉድለቶች የሚታዩ ሲሆን እነዚህም በአብዛኛው ከአቅም በላይ በሆኑ ሁኔታዎች የተፈጠሩ ናቸው። በመዝገባችንና በባንክ ስቴትመንቱ መካከል ያለው ልዩነትም በጊዜ መለያየት ምክንያት የመጣ ነው። ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።»

ቋንቋውን እንድታስተካክሉልኝ ነው የምለምነው። ጨዋ እንዲሆን እፈልጋለሁ፤ ግን የደበቅን እንዳይመስል።

ዘላለም_ፋይ

እህቴ፣ አሥር ዓመት ፋይናንስ ሠርቻለሁ። ኦዲተር ያልጠየቀሽን አትንገሪው። ሰነዱን ላኪ፤ «ተያይዟል» በይ፤ በቃ። ጉድለት ካገኘ ራሱ ይጠይቃል። ስለ ጉድለት ቀድመሽ ከጻፍሽ የምርመራውን አቅጣጫ ራስሽ መራሽው ማለት ነው። ምክንያት መደርደር ደግሞ የበለጠ ያስጠረጥራል።

ብርቱካን_ም

ማህደር፣ እኛም አምና ይሄ ገጥሞን ነበር። እኛ የጻፍነው «ግኝቱን ተቀብለናል፤ የእርምት እርምጃውም በሚከተለው የጊዜ ሰሌዳ ይፈጸማል» ብለን ነበር። ኃላፊው ማን እንደሆነና መቼ እንደሚያልቅ በሰንጠረዥ አደረግነው። ኦዲተሩ ወደደው። ፎርማቱን ልላክልሽ?

ማህደር_23

አመሰግናለሁ ብርቱካን። ግን እኛ ገና ግኝት አልደረሰንም። ይሄ ሰነድ ማስረከቢያ ነው፤ ለሪፖርት የሚሰጥ መልስ አይደለም።

ብርቱካን_ም

አሃ፣ ይቅርታ። የሪፖርቱ መልስ መስሎኝ ነው። ለዚያን ጊዜ እንግዲህ ይጠቅምሻል።

ቀይ_እስክሪብቶ

ልጄ፣ ረጅም ዘመን በኦዲት ሥራ ቆይቻለሁ፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቋንቋው ከመስተካከሉ በፊት ቁጥሩ መስተካከል አለበት።

«87 ማዘዣዎች ከተሟላ ደጋፊ ሰነዶቻቸው ጋር» ብለሽ፣ በዚያው ዓረፍተ ነገር «ጉድለቶች የሚታዩ ሲሆን» ትያለሽ። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ኦዲተሩ ሳጥኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያደርገው መቁጠር ነው። በደብዳቤው ላይ 87 ተብሎ በእጁ 86 ካገኘ፣ ከዚያ በኋላ የምትነግሪውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

ስለዚህ እነዚህን ንገሪኝ። የማዘዣዎቹ ተከታታይ ቁጥር ከስንት እስከ ስንት ነው? ከነዚህ ውስጥ በትክክል ገንዘብ የተከፈለባቸው ስንት ናቸው? የተሰረዙስ? ከናካቴው በእጅሽ የሌለስ አለ? የመዝገቡና የባንኩ ልዩነት በቁጥር ስንት ነው?

ለዘላለም፦ ከተናገርከው ግማሹ ትክክል ነው። ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ጉድለቱን አለመናገር ግን ሌላ ነገር ነው። ኦዲተሩ «በሙሉ» ብሎ ጠይቋል። ሙሉ ያልሆነውን ዝም ብሎ «ተያይዟል» ማለት ሙሉ ነው ብሎ መፈረም ነው። የሚፈርመው ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ነው።

ማህደር_23

እርስዎ እንዳሉኝ ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አመሰግናለሁ።

ጥራዙ ከ0412 እስከ 0498 ነው፤ 87 ቁጥር። ሁሉም የቼክ ክፍያ ነው፤ ጥሬ ገንዘቡ የራሱ ጥራዝ አለው። 0431 እና 0439 የተሰረዙ ናቸው። የ0431 ሦስቱም ቅጂዎች አሉ፤ «ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። የ0439 ግን ጥራዙ ላይ የቀረው ሦስተኛው ቅጂ ብቻ ነው፤ እሱም ላይ «ተሰርዟል» ይላል። 0480 በጭራሽ የለም። የቀሩት 84ቱ የተከፈሉ ናቸው።

ከ84ቱ ውስጥ ሁለቱ ደጋፊ ሰነዳቸው ያልተሟላ ነው። 0452 ላይ 18,600 ለአቅራቢ ተከፍሏል፤ ኢንቮይሱ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። 0467 ደግሞ ዕቃ ላወረዱ አምስት የቀን ሠራተኞች ለእያንዳንዳቸው 470፣ በድምሩ 2,350 ነው። ቼኩ በገንዘብ ያዣችን ስም ወጥቶ እሱ ነው በእጅ ያከፋፈላቸው። የስም ዝርዝሩ ላይ አራቱ ፈርመዋል፤ አንዱ አልፈረመም።

መዝገባችን ላይ የሦስት ወሩ ክፍያ 612,480 ነው። ከባንክ የወጣው 584,115። ልዩነቱ 28,365 ነው። የሒሳብ ኃላፊያችን «ታይሚንግ ነው» ስላሉኝ ነው እንደዚያ የጻፍኩት።

ቀይ_እስክሪብቶ

አሁን ደብዳቤ የሚጻፍበት ነገር አለን።

ከልዩነቱ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። «በጊዜ መለያየት» የሚለው ሐረግ ብቻውን ምንም አይነግርም። 28,365 ክብ ያልሆነ ቁጥር ነው፤ ከአንድ በላይ ነገር የተደመረበትና የተቀነሰበት ይመስላል። ሦስት ነገር ፈልጊ። አንደኛ፣ በታኅሣሥ ተጽፎ በጥር የተመነዘረ ቼክ። ሁለተኛ፣ በመስከረም ተጽፎ በጥቅምት የተመነዘረ ቼክ፤ ይሄኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሦስተኛ፣ ባንኩ በራሱ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ፤ ማዘዣ ስለማይሠራለት በዝርዝርሽ ውስጥ አይኖርም።

ማህደር_23

አገኘሁት! 0497 በታኅሣሥ 28 የተጻፈ የ36,000 ቼክ ነው፤ የተመነዘረው ጥር 4። ከመስከረም የተላለፈ የ7,200 ቼክ ጥቅምት 3 ላይ ወጥቷል። ባንኩ ደግሞ በየወሩ 145፣ በሦስት ወር 435 ቆርጧል።

612,480 ሲቀነስ 36,000፣ ሲደመር 7,200፣ ሲደመር 435። 584,115 መጣልኝ፤ ልክ የባንኩ ቁጥር።

ቀይ_እስክሪብቶ

ጎሽ። እነዚህን አራት መስመሮች እንዳሉ ደብዳቤው ውስጥ አስገቢያቸው። የጥር ስቴትመንቱንም የመጀመሪያ ገጽ አያይዢ፤ 36,000 ጥር 4 ላይ መውጣቱን በዓይኑ እንዲያይ። የመስከረም መጨረሻ የባንክ ማስታረቂያችሁንም እንዲሁ፤ 7,200ው እዚያ ላይ ካልተመነዘሩት ቼኮች መሀል መኖር አለበት። እዚያ ከሌለ ሌላ ጉዳይ አለ ማለት ነው።

ማህደር_23

አለ፤ አየሁት።

ገንዘብ_ያዥ_የነበረ

እኔ የወላጅ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ፤ ሂሳብ አልተማርኩም። አንድ ነገር ልንገርሽ። ያኔ ለኦዲተሩ «የቁጥር ይሄ ደረሰኝ ጠፍቷል» ብዬ ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደረሰኙ ሌላ ፋይል ውስጥ ተገኘ። ደስ ብሎኝ ይዤው ሄድኩ። ሰውየው ግን «ታዲያ ጠፍቷል ያልካቸው ሌሎቹስ?» አለኝ። ሁሉንም እንደገና አስፈለገኝ። አሁንም ሳስበው ያመኛል፤ ምክንያቱም አንድም ቃል አልዋሸሁም ነበር።

እግረ መንገዴን፦ የማሽን ደረሰኞቻችን ግማሾቹ ነጭ ወረቀት ሆነዋል፤ ጽሑፉ ጠፍቷል። እነሱስ ምን ይደረጋሉ?

ፊደል_ወዳድ

ከላይ የተባለው በጣም ትልቅ ነገር ነው፤ የአማርኛው ጉዳይ ስለሆነ ልግባበት። «ጠፍቷል» ስትል የወረቀቱን ዕጣ ነው የምትናገረው። «አልተገኘም» ስትል የራስህን ፍለጋ ነው የምትናገረው። የመጀመሪያውን የምታውቅበት መንገድ የለህም። ሁለተኛውን ግን ታውቃለህ። እና «አልተገኘም» ያለ ሰው የት እንደፈለገ መናገር ይችላል፤ «የጥቅምትና የኅዳር ፋይሎች፣ የግዥ ክፍሉ ፋይልና የገንዘብ ያዡ መሳቢያ ታይተው አልተገኘም» ብሎ።

ማህደር፣ ረቂቅሽ ላይ ያሉትን «አንዳንድ»፣ «የተለያዩ»፣ «መጠነኛ»፣ «በአብዛኛው» የሚሉትን አራት ቃላት ሰርዣቸው። እያንዳንዳቸው በቁጥር ሊተካ የሚችል ነገር ላይ የተቀመጡ ናቸው። «አንዳንድ» ሁለት ነው። «መጠነኛ» 18,600 ነው። መጠነኛ መሆን አለመሆኑን ደግሞ የሚወስነው አንባቢው ነው። «የላክን መሆኑን እየገለጽን»ም «ልከናል» ይሁን። የደብዳቤ ወግ ነው ብለን ስንጎትተው ዓረፍተ ነገሩ የት እንደሚያልቅ ራሳችንም ይጠፋናል።

ቀይ_እስክሪብቶ

ፊደል ወዳድ ያለውን በሙሉ እቀበላለሁ። ለቀድሞው ገንዘብ ያዥ፦ የደበዘዘውንም ደረሰኝ አያይዘው፤ አትጣለው። «ጽሑፉ አይነበብም» ብለህ ጻፍ፤ ክፍያው የተፈጸመበትን የባንክ መስመር ጥቀስ። ለወደፊቱ ደረሰኙ በደረሰህ ቀን ፎቶ ኮፒ አንስተህ ከጀርባው አያይዝ። ያ ወረቀት ሙቀትና ብርሃን አይችልም።

ወደ ማህደር ልመለስ። 0452 ላይ አቅራቢውን ቅጂ ጠይቀሽዋል?

ዘላለም_ፋይ

እሱ ቀላል ነው። አቅራቢው በኅዳር ቀን አዲስ ኢንቮይስ ይጻፍላት። የተሰረዘው 0439ም እንደዚያው፤ አዲስ ወረቀት ላይ «ተሰርዟል» ብላ ማያያዝ ትችላለች። ክፍያው እውነት እስከሆነ ድረስ ማንን ይጎዳል?

ቀይ_እስክሪብቶ

ዘላለም፣ እዚህ ላይ በብርቱ እቃወምሃለሁ። ክፍያው እውነት ነው፤ ወረቀቱ ግን ሐሰት ይሆናል። ዛሬ የተጻፈን ነገር ባለፈው ቀን ማስቀመጥ የጎደለን ሰነድ ወደ ተሠራ ሰነድ ይቀይረዋል። የጎደለ ሰነድ በሪፖርት ውስጥ አንድ መስመር ነው። የተሠራ ሰነድ ግን የቀሩትን ሰነዶች ሁሉ ያበላሻል። ደግሞም ይታወቃል። ኦዲተሩ ለአቅራቢው በቀጥታ ጽፎ መጠየቅ ይችላል። የአቅራቢው ኢንቮይስም ተከታታይ ቁጥር አለው፤ በኅዳር ቀን የጥር ቁጥር ይዞ ይመጣል።

የሚፈቀደው ይሄ ነው፦ አቅራቢው ከራሱ ጥራዝ ላይ የቀረውን ቅጂ ኮፒ አድርጎ፣ «የዋናው ግልባጭ» ብሎ፣ በዛሬ ቀን ማኅተም አድርጎ ይስጣት። ደብዳቤውም ግልባጭ መሆኑንና መቼ እንደተገኘ ይናገር።

ዘላለም_ፋይ

እሺ፣ በቀን ጉዳይ ተሸንፌያለሁ። የኢንቮይሱን ተከታታይ ቁጥር አላሰብኩትም ነበር። ስለ ምክንያት መደርደሩ ግን በአቋሜ ጸንቻለሁ።

ማህደር_23

አቅራቢው ዛሬ ጥር 19 ግልባጩን ሰጠኝ። ቁጥሩም መጠኑም ይገጥማል።

ያልፈረመው ሠራተኛ ግን አልተገኘም። የቀን ሠራተኛ ነበር፤ ስልኩ አይሠራም። ገንዘብ ያዡ «በእጁ ሰጥቼዋለሁ» ይላል። አምነዋለሁ፤ ግን ወረቀት የለም። «2,350 ያለ በቂ ማስረጃ» ብዬ ልጻፍ?

ቀይ_እስክሪብቶ

አይደለም። ማስረጃ የሌለው 470 ነው። አራቱ የፈረሙበት 1,880 ማስረጃ አለው። ጉድለቱን ከሆነው በላይ ማስፋትም ስህተት ነው። ገንዘብ ያዡ በዛሬ ቀን አጭር መግለጫ ይጻፍና ይፈርም፤ መቼ፣ የት፣ ለማን፣ ስንት እንደሰጠ። ይሄ የፊርማውን ቦታ አይተካም። ሰጠሁ ያለው ሰው የጻፈው ነውና ክብደቱ ትንሽ ነው። ግን ቃሉ ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ፊደል_ወዳድ

የገንዘብ ያዡ መግለጫ ላይ አልስማማም፤ ወይም እጠራጠራለሁ። ነገ ችግር ቢመጣ ሰውየውን ብቻውን አጋለጥነው ማለት አይሆንም? በደብዳቤው ላይ «ፊርማ የለውም» ብሎ መተው አይበቃም?

ቀይ_እስክሪብቶ

ተገቢ ስጋት ነው። እሱ ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ ነው የሚደረገው። የማይፈልግ ከሆነ ያንተው ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኔ ግን ሰውየው ራሱ መጻፉን ቢመርጥ አይገርመኝም።

አሁን ዋናው፤ 0480። ማህደር፣ ጥራዙን ራሱን ይዘሽ ተመልከቺው። ማተሚያ ቤቱ ቁጥር ዘሎ ይሆናል፤ ቅጠሉ ተቀዶም ይሆናል። መስፊያው ጋ በ0479 እና በ0481 መካከል የቀረ የወረቀት ጠርዝ አለ ወይ?

ማህደር_23

አለ። በጣት የሚዳሰስ ጠርዝ አለ፤ ሦስት ቀጭን ጠርዞች። አንዱ ላይ የቁጥሩ መጨረሻ «0» ትንሽ ይታያል። ማለትም ታትሟል፤ ሦስቱም ቅጂዎች ተቀደዋል። እጄ ተንቀጠቀጠ እውነቴን ነው። የማተሚያ ቤት ስህተት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር።

ቀይ_እስክሪብቶ

አትደንግጪ። የተበላሸ ቅጠል ቀዶ የሚጥል ሰው ብዙ ነው፤ ማድረግ ባይገባም። አሁን ሁለት ነገር አድርጊ። የ0481ን የላይኛውን ቅጠል በመስኮት ብርሃን ላይ አዘንብለሽ እዪው። 0480 ላይ ተጽፎ ከነበረ የእስክሪብቶው ጫና ከሥሩ ባለው ቅጠል ላይ ምልክት ሊተው ይችላል። ከዚያ የቼኮቹን ተከታታይ ቁጥር ከስቴትመንቱ ጋር አስተያዪ።

ማህደር_23

የ0481 ቅጠል ላይ ከራሱ ጽሑፍ ውጭ ምንም አላየሁም። ቼኮቹንም ቆጠርኩ። 84ቱ ማዘዣዎች ላይ ያሉት ቼክ ቁጥሮች ሳይዘሉ ተከታታይ ናቸው። በስቴትመንቱ ላይም ማዘዣ የሌለው ቼክ አልወጣም፤ ያቺ የመስከረሟ ስትቀር፤ እሷም የራሷ ማዘዣ አላት። ስለዚህ «ባዶ ሳለ ተቀዷል፤ ምንም ክፍያ አልተፈጸመበትም» ልበል?

ዘላለም_ፋይ

አዎ፣ በይ። ቼክ ካልወጣ ክፍያ የለም። አለቀ።

ቀይ_እስክሪብቶ

አላለቀም። የምታውቂው ከባንክ ገንዘብ አለመውጣቱን ነው። የተፈረመ ማዘዣ ግን ለጥሬ ገንዘብ ሳጥኑም ሊቀርብ ይችላል፤ ጥራዙ የተለየ ቢሆንም። ጫናው ስላልታየም ባዶ ነበር ማለት አይቻልም። በቅጠሎቹ መካከል ካርቶን አስገብቶ የሚጽፍ ሰው ምልክት አይተውም። ስለዚህ ያየሽውን ጻፊ፤ የደመደምሽውን ተዪው። የጥሬ ገንዘብ ቆጠራ ሰነዶቻችሁንም ጨምሪ፤ የየወሩ መጨረሻ ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር ከገጠመ ያ ጥርጣሬም ይጠባል።

ማህደር_23

የጥቅምትና የኅዳር ቆጠራ አለ፤ ይገጥማል። የታኅሣሥ አልተቆጠረም። ያንንም ልጻፍ?

ቀይ_እስክሪብቶ

ያንንም ጻፊ። ዛሬ ተቆጥሮ በታኅሣሥ ቀን እንዳይሞላ ደግሞ አደራ።

ማህደር_23

ይኸው አዲሱ። ሥራ አስኪያጁ አንብቦታል፤ የ0480ው አንቀጽ ላይ ፊቱን አጨማደደ፤ ግን «እውነት ከሆነ ይሂድ» አለ።

«ጉዳዩ፦ ከጥቅምት 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያሉ የክፍያ ሰነዶችን ስለ መላክ

በጠየቁን መሠረት ከቁጥር 0412 እስከ 0498 ያሉትን የክፍያ ማዘዣዎች ልከናል። ተከታታይ ቁጥሮቹ 87 ናቸው። ክፍያ የተፈጸመባቸው 84፣ የተሰረዙ 2፣ ያልተገኘ 1 ነው። በዚህ ሳጥን ውስጥ 86 ማዘዣዎች አሉ። የ82ቱ ክፍያዎች ደጋፊ ሰነድ የተሟላ ነው።

0431፦ የተሰረዘ። ሦስቱም ቅጂዎች ተያይዘዋል።
0439፦ የተሰረዘ። ሦስተኛው ቅጂ ብቻ ተያይዟል። ሁለቱ ቅጂዎች በጥቅምትና በኅዳር ፋይሎች ውስጥ ተፈልገው አልተገኙም።
0452፦ 18,600። ዋናው ኢንቮይስ አልተገኘም። ከአቅራቢው ጥር 19 የተወሰደ ግልባጭ ተያይዟል።
0467፦ 2,350። ከአምስቱ ተቀባዮች አራቱ (1,880) ፈርመዋል። የአንዱ (470) ፊርማ የለም። ገንዘብ ያዡ በጥር 19 የሰጠው መግለጫ ተያይዟል።
0480፦ ሦስቱም ቅጂዎች ከጥራዙ ተቀደዋል፤ አልተገኙም። ማን፣ መቼና ለምን እንደቀደደው አላወቅንም። በሦስቱ ወራት ማዘዣ የሌለው ቼክ ከባንክ አልወጣም። የጥቅምትና የኅዳር መጨረሻ የጥሬ ገንዘብ ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር ይገጥማል፤ ሰነዱ ተያይዟል። የታኅሣሥ መጨረሻ ቆጠራ አልተደረገም። ጥራዙ በቢሯችን ስለሚገኝ መመልከት ይችላሉ።

በመዝገባችን የተመዘገበው ክፍያ 612,480፣ ከባንክ የወጣው 584,115 ነው። ከመዝገቡ ጥር 4 የተመነዘረው የማዘዣ 0497 ቼክ 36,000 ሲቀነስ፣ ከመስከረም የተላለፈው ቼክ 7,200 እና የባንክ አገልግሎት 435 ሲደመሩ ሁለቱ ይገጥማሉ።»

ፊደል_ወዳድ

ንጹሕ ነው። አንድ ነገር ብቻ፤ «ማን፣ መቼና ለምን እንደቀደደው አላወቅንም» የሚለው አንድ ሰው ቀዶታል የሚል ግምት ውስጥ ይከታል። «እንዴትና መቼ እንደተቀደደ አላወቅንም» ቢሆንስ?

ቀይ_እስክሪብቶ

ይሻላል፤ ለውጪው። ከዚህ ሌላ እኔ ብሆን ኖሮ ከደብዳቤው ጀርባ የአባሪዎቹን ዝርዝር ከነገጽ ብዛታቸው አደርግና የተረካቢውን ፊርማ እቀበልበት ነበር። ዋናዎቹን ነው ወይስ ኮፒ የምትልኪው?

ማህደር_23

ዋናዎቹን ጠይቋል። ኮፒ አንስቼ በቢሮ አስቀምጫለሁ። የገጹንም ብዛት አሁን እጨምራለሁ።

ማህደር_23

ላሳውቃችሁ ብዬ ነው። ሐሙስ ደረሰው። ዛሬ ደወለ። ስለ 0452ም ስለ 0467ም አልጠየቀም። የጠየቀው የ0480ን ጥራዝና የጥሬ ገንዘብ ክፍያ ጥራዙን ነው፤ የታኅሣሡን ብቻ። ሰኞ ይዤ እሄዳለሁ። ዛሬ ከሰዓት የጥሬ ገንዘብ ጥራዙን ቁጥሮች እየቆጠርኩ ነው፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ምንም አልጎደለም።

ገንዘብ_ያዥ_የነበረ

የታኅሣሡን ስትጨርሺ ንገሪን።